የግርጌ ማስታወሻ ሲነሣ፤ የታሪክ ማስረጃ ከገጽ ግርጌ ወደ መጨረሻና ወደ ቅንፍ ስለ መዛወሩ

የታሪክ ተማሪ ድርሰቱን በግርጌ ማስታወሻ ጽፎ ከጨረሰ በኋላ፣ የትምህርት ክፍሉ ማስታወሻዎቹ ሁሉ ወደ ጽሑፉ መጨረሻ እንዲሄዱ፣ ወይም ተነሥተው የጸሐፊው ስምና የታተመበት ዓመት ብቻ በቅንፍ እንዲገባ የሚያዝበት ጊዜ አለ። ብዙዎቻችን ይህን እንደ ጽሕፈት ሥራ ብቻ እንቈጥረዋለን። እኔም እንዲሁ አስብ ነበር። ነገር ግን ስለ ውጫሌ ውል የጻፍሁትን ድርሰት በዚህ አኳኋን እንድለውጥ በታዘዝሁ ጊዜ፣ ማስረጃው ቦታውን ሲለቅ የሚናገረውም ነገር ሊለወጥ እንደሚችል ተረዳሁ። ከዚህ በታች የማቀርበው በመጀመሪያ ጉዳዩ ከየት እንደ መጣ ነው፤ ቀጥሎም ለውጡ በአንድ ድርሰት ላይ ምን እንዳደረገ ነው።

ማስታወሻን ከቦታ ወደ ቦታ የማዛወር ክርክር አዲስ አይደለም። እንግሊዛዊው ኤድዋርድ ጊበን ስለ ሮም መንግሥት መዳከምና መውደቅ የጻፈው የታሪክ መጽሐፍ አንደኛው ክፍል በየካቲት ወር እ.ኤ.አ. 1776 ሲታተም፣ ማስታወሻዎቹ የተቀመጡት በመጽሐፉ መጨረሻ ነበር። ፈላስፋውና የታሪክ ጸሐፊው ዴቪድ ሂዩም በዚያው ዓመት በሚያዝያ ወር ለአሳታሚው ለዊልያም ስትራሃን በጻፈው ደብዳቤ መጽሐፉን ካመሰገነ በኋላ በዚህ አቀማመጥ ላይ ቅሬታውን ገለጸ። የቅሬታው ፍሬ ነገር፣ አንባቢ ቍጥሩን አይቶ ንባቡን አቋርጦ እስከ መጨረሻው ገልጦ ሲሄድ ብዙ ጊዜ የሚያገኘው የአንድ መጽሐፍ ስም ብቻ ነው፤ እንዲህ ያለው ምስክር በገጹ ጠርዝ ወይም በግርጌው ሊታተም ይገባል የሚል ነበር። እ.ኤ.አ. በ1777 በወጣው በሦስተኛው እትም ማስታወሻዎቹ ወደ ገጽ ግርጌ ወረዱ።

ነገሩ በዚህ ቢያበቃ ኖሮ ሂዩም ረታ ብለን እናልፈው ነበር። ይሁን እንጂ ጊበን ራሱ ስለ ሕይወቱ በጻፈው ላይ፣ ማስታወሻዎቹን ወደ ግርጌ ያወረደው የሕዝቡ ውትወታ አስገድዶት እንደ ሆነና በዚህም እሺታው ብዙ ጊዜ እንደ ተጸጸተ ይናገራል። ይህንንም የሚናገረው በባዝል ከተማ የታተመውን እትም አንሥቶ ነው፤ በዚያ እትም ከ14ቱ ክፍሎች የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ማስታወሻዎችን ብቻ ይዘው ነበር። በእኔ አስተያየት ሁለቱም ትክክል ናቸው። ሂዩም የተመለከተው ምስክርን ብቻ የሚጠራውን ማስታወሻ ነው፤ የጊበን ማስታወሻ ግን ምስክር ከመጥራት አልፎ ምስክሩን የሚመዝንና የሚተች ነበር። እንግዲህ ሁለት ልዩ ልዩ ሥራ ያላቸው ነገሮች በአንድ ቍጥር ተራ ተሰልፈው ነበር ማለት ነው።

በቅንፍ የማመልከቱ ሥርዐት የመጣው ከታሪክ ጸሐፊዎች ዘንድ አይደለም። ጥንቱን ለመረመሩት እስከ ዛሬ የተገኘው የቀደመ ምሳሌ፣ የሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ጥናት ሊቅ ኤድዋርድ ሎረንስ ማርክ እ.ኤ.አ. በ1881 ቅርፊት የሌለው ቀንድ አውጣ እንቍላሉ እንዴት እንደሚያድግ የጻፈው ጥናት ነው። ደግሞም የሚያስገርመው፣ ማርክ ይህን አዲስ አጠቃቀም ለአንባቢው ያስረዳው በግርጌ ማስታወሻ ነበር። ለእንስሳት ጥናት ሥርዐቱ ተስማሚ ነው፤ በዚያ ሙያ ማን ቀድሞ እንዳየ ማወቅ ያስፈልጋልና፣ ስምና ዓመት ጐን ለጐን ሲቆሙ የግኝቱ ተራ በግልጽ ይታያል። በታሪክ ግን ምስክሩ የተናገረበት ዓመትና ቃሉ የታተመበት ዓመት ብዙ ጊዜ ይራራቃሉ። ችግሩም የሚጀምረው ከዚህ ላይ ነው።

አሁን ወደ ራሴ ድርሰት ልመለስ። የውጫሌ ውል ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. ተፈረመ። ክርክሩ ያለው በ17ኛው አንቀጽ ላይ ነው፤ በአማርኛው ምኒልክ ከሌሎች መንግሥታት ጋር በሚኖራቸው ጉዳይ በኢጣልያ መንግሥት አማካይነት መላላክ «ይቻላቸዋል» ሲል፣ የኢጣልያንኛው ግን እንዲህ ለማድረግ እንደ ተስማሙ አድርጎ ይናገራል። ስቬን ሩቤንሰን እ.ኤ.አ. በ1964 ስለዚህ አንቀጽ ሁለት ጽሑፎች አወጣ፤ አንዱ በአዲስ አበባ በኢትዮጵያ ጥናት ተቋም የታተመ መጽሐፍ ነው፣ ሁለተኛው በአፍሪካ ታሪክ መጽሔት ከገጽ 243 እስከ 283 የወጣ ጥናት ነው። ሩቤንሰን የልዩነቱን ኀላፊነት በኢጣልያው መልእክተኛ በአንቶኔሊ ላይ ሲያሳርፍ፣ ካርሎ ጂሊዮ በሚቀጥለው ዓመት በዚያው መጽሔት ከገጽ 221 እስከ 231 በጻፈው መልስ ለአንቶኔሊ ተከራከረለት።

ድርሰቴ 38 የግርጌ ማስታወሻዎች ነበሩት። እያንዳንዱን በወረቀት ቍራጭ ላይ ገልብጬ በየሥራቸው ስለያቸው 21ዱ መጽሐፍና ገጽ ብቻ የሚጠሩ፣ 9ኙ «ዝኒ ከማሁ» የሚሉ፣ 5ቱ ደብዳቤና ሰነድ የሚጠቅሱ፣ 3ቱ ደግሞ ማብራሪያ የያዙ ሆነው ተገኙ።

በመጀመሪያ የነካሁት «ዝኒ ከማሁ» የሚሉትን ነው፤ ይህ ቃል የሚናገረው ከላዩ ያለውን ብቻ እየተመለከተ ስለ ሆነ በቅንፍ ሥርዐት ቦታ የለውምና። ስለዚህ ሌላ ለውጥ ሳይደረግ ሁሉም በሙሉ ስም መተካት አለባቸው። ይህን ሳደርግ በ14ኛው ማስታወሻ ላይ ስሕተት አገኘሁ። መጀመሪያ ስጽፈው ከላዩ የነበረው የሩቤንሰን ጥናት ነበር፤ ኋላ ግን በመካከሉ የጂሊዮን መልስ የሚጠቅስ አዲስ ማስታወሻ አስገብቼ ነበር። በዚህ ምክንያት የሩቤንሰን ክስ የተከራካሪው የጂሊዮ ቃል ሆኖ ቆየ። ያጋለጠው የገጹ ቍጥር ነው፤ ማስታወሻው ከ250 በላይ የሆነ ገጽ ሲጠራ፣ የጂሊዮ ጽሑፍ ግን በ231 ያበቃል። እንዲህ ያለ ስሕተት የሚታወቀው ገጹን ከጽሑፉ መጀመሪያና መጨረሻ ገጽ ጋር በማስተያየት፣ ከዚያም መጽሐፉን ራሱን ገልጦ በማየት ነው።

ሁለተኛው ችግር የዓመት ነው። «ሩቤንሰን 1964» ብሎ መጻፍ ከሁለቱ ጽሑፎች የትኛው እንደ ሆነ ስለማይለይ፣ መጽሐፉን 1964ሀ፣ ጥናቱን 1964ለ ብዬ በዋቢ መጻሕፍቱ ዝርዝርም እንዲሁ ምልክት አደረግሁ። ከዚህ የከፋው የዘመን አቈጣጠር ነው። የጸሐፌ ትእዛዝ ገብረ ሥላሴ የዳግማዊ ምኒልክ ታሪክ በአማርኛ የታተመው በ1959 ዓ.ም. ነው። በቅንፍ «ገብረ ሥላሴ 1959» እና «ሩቤንሰን 1964» ተከታትለው ሲታዩ፣ አንባቢ የአማርኛው መጽሐፍ በ5 ዓመት ቀድሞ የወጣ ይመስለዋል፤ ከዚያም ሩቤንሰን የታተመውን መጽሐፍ እያየ እንደ ጻፈ አድርጎ ይፈርዳል። እውነቱ ግን 1959 ዓ.ም. የሚጀምረው እ.ኤ.አ. በመስከረም 1966 ስለ ሆነ የአማርኛው እትም ከሩቤንሰን በኋላ የወጣ ነው፤ ከዚያ በፊት የነበረው እ.ኤ.አ. ከ1930 እስከ 1932 በፓሪስ የታተመው የፈረንሳይኛው ትርጕም ነው። የግርጌ ማስታወሻው «አዲስ አበባ፣ 1959 ዓ.ም.» ብሎ በሙሉ ይናገር ስለ ነበር ይህን ጥርጥር አያመጣም ነበር። በቅንፍም ቢሆን ዓ.ም. ወይም እ.ኤ.አ. የሚለው ምልክት ከእያንዳንዱ ዓመት ጋር መጻፍ አለበት። እንዲሁም ለእኛ ሰዎች የሚጠራው የራስ ስም እንጂ የአባት ስም አይደለም፤ የውጭ አገር ሰው ግን በቤተ ሰቡ ስም ይጠራል።

ሦስተኛው የሰነዶቹ ነገር ነው። ምኒልክ በሁለቱ ቋንቋዎች መካከል ያለውን ልዩነት ገልጸው በመስከረም ወር 1883 ዓ.ም. ለኢጣልያው ንጉሥ ለኡምቤርቶ ደብዳቤ ጽፈዋል። ይህን ደብዳቤ ያገኘሁት በሩቤንሰን ጽሑፍ ውስጥ ነው። በቅንፍ የሩቤንሰንን ስም ብቻ ባስገባ፣ የተናገሩት ምኒልክ መሆናቸውና የተናገሩበት ዘመን ሁለቱም ይጠፋሉ፤ ምስክሩ ወጥቶ ጠቃሹ ብቻ ይቀራል። ስለዚህ የጸሐፊውን ስም፣ የተቀባዩን ስምና ቀኑን ወደ ዐረፍተ ነገሩ አስገብቼ፣ ቅንፉ ደብዳቤውን ከየት እንዳገኘሁት ብቻ እንዲናገር አደረግሁ። ዐረፍተ ነገሩ ረዘመ፤ ነገር ግን ምስክሩ በስሙ ቆመ።

በመጨረሻ የቀሩት ሦስቱ ማብራሪያዎች ናቸው። አንደኛው ከጉዳዩ ውጭ ስለ ነበረ ተውሁት፤ ሁለተኛውን ክፍሉ ለማብራሪያ ጥቂት ማስታወሻዎችን ስለ ፈቀደ በቍጥር አስቀረሁት። ሦስተኛው ግን ስለ «ይቻላቸዋል» ትርጕም የሚናገረው ነበር። ይህ የክርክሩ ዋና ማስረጃ ሆኖ ሳለ በትንንሽ ፊደል በገጹ ግርጌ ደብቄው ኖሬ ነበር። ወደ ድርሰቱ አካል አወጣሁት፤ የትምህርት ክፍሉ ባያስገድደኝ ኖሮ ይህን ባላደረግሁም ነበር።

ክፍሉ የሚጠይቀው ማስታወሻውን ወደ መጨረሻ ማዛወር ብቻ ከሆነ ድካሙ ትንሽ ነው። በኮምፒዩተር ላይ በዎርድ ለሚጽፍ ሰው፣ በማስታወሻዎች መስኮት ውስጥ ያለው `Convert` የሚለው ትእዛዝ ሁሉንም በአንድ ጊዜ ያዛውራቸዋል። ልብ ሊባሉ የሚገባቸው ሁለት ነገሮች ናቸው። ቍጥሮቹ ወደ i, ii, iii ስለሚለወጡ ወደ 1, 2, 3 መመለስ አለባቸው፤ ደግሞም በእጅ የተጻፈ «ማስታወሻ 9ን ተመልከት» የሚል ቃል ቍጥሮቹ ቢለዋወጡ አብሮ አይለወጥም። መሣሪያው ቦታውን ያዛውራል እንጂ «ዝኒ ከማሁ» ማንን እንደሚጠራ አያውቅም።

ከዚህ ሁሉ የምደመድመው፣ አንድ ማስታወሻ ከመነሣቱ በፊት ሥራው ምን እንደ ነበረ መጠየቅ እንዳለበት ነው። መጽሐፍ ብቻ የሚጠራው ያለ ጕዳት ወደ ቅንፍ ይገባል፤ ሂዩም ያማረረውም እንዲህ ያለው በመጨረሻ መቀመጡን ነው። ሰነድን የሚጠራው ግን ስሙንና ቀኑን ለዐረፍተ ነገሩ ሳያወርስ መነሣት የለበትም። በእኔ ድርሰት ከ38ቱ ማስታወሻዎች በአንዱ ምስክሩ ለተከራካሪው ተሰጥቶ ነበር፤ በአንዱም ዋናው ማስረጃ ተደብቆ ነበር። ሁለቱም የተገኙት ማስታወሻዎቹ ከቦታቸው ሲነሡ ነው።