ጥፍር ሲቆጠርና ሳይቆጠር፦ ፋሲካን በእጅ ያወጡ የነበሩ መነኮሳት

እስቲ ግራ እጃችሁን ዘርጉና የጣቶቻችሁን አንጓ ቁጠሩ። አውራ ጣት ሁለት አለው፣ የቀሩት አራቱ ሦስት ሦስት። በድምሩ 14። አሁን አምስቱን ጥፍሮች ጨምሩበት፤ 19 ሆነ። ይህን 19 ያዙልኝ፣ የዛሬው ጨዋታ እሱ ላይ ነው።

በጣት ከአስር በላይ መቁጠር ሲነሳ ሰው ሁሉ የሚጠይቀው «ስንት ድረስ ይደርሳል?» ብሎ ነው። የድሮዎቹ ሰዎች ጥያቄ ግን ብዙ ጊዜ ሌላ ነበር። የፈለጉት ትልቅ ቁጥር ሳይሆን ዞሮ የሚመጣ ቁጥር ነው። እጅ ደግሞ ለዚህ ይመቻል፤ መጨረሻው ላይ ስትደርሱ ወደ መጀመሪያው ትመለሳላችሁ፣ የቆማችሁበት አንጓ ደግሞ ሳታካፍሉ ቀሪውን ይነግራችኋል።

ይህን በደንብ ጽፎ ያስቀመጠልን ቤዳ የሚባል እንግሊዛዊ መነኩሴ ነው። በሰሜን እንግሊዝ በጃሮ ገዳም ይኖር ነበር። በ725 (በፈረንጆቹ) ስለ ዘመን አቆጣጠር ትልቅ መጽሐፍ ጻፈ። የመጽሐፉ የመጀመሪያ ምዕራፍ ራሱ ስለ ጣት ነው፦ ጣት በማጠፍና በማዘንበል በግራ እጅ አንዶችንና አስሮችን፣ በቀኝ እጅ መቶዎችንና ሺዎችን እያሳዩ እስከ 9,999 እንዴት እንደሚደረስ ያስተምራል። ጥሩ ነው፣ ግን ያ የጣት ምልክት ነው። እኔን የሚገርመኝ ከዚያ በጣም ዘግይቶ፣ በ55ኛው ምዕራፍ፣ የሚያመጣው የአንጓ ቆጠራ ነው።

ችግራቸው ፋሲካ ነበር። ፋሲካ ጨረቃን ይከተላል፣ አስራ ሁለት የጨረቃ ወራት ግን 354 ቀን ገደማ ናቸው፤ ከፀሐይ ዓመት 11 ቀን ያንሳሉ። ስለዚህ በዓመቱ አንድ የተወሰነ ቀን ላይ የጨረቃ ዕድሜ በየዓመቱ 11 ይጨምራል፣ 30 ሲሞላ 30ው ይጣላል። ከ19 ዓመት በኋላ ጨረቃና ፀሐይ እንደገና ይገናኛሉ። እንግዲህ «ዘንድሮ ከ19ኙ ስንተኛው ላይ ነን?» የሚለው ከታወቀ ሌላው ሁሉ ይወጣል።

እጅ ላይ 19 ቦታ አለ። ቤዳ እንደሚለው ቆጠራው ከግራ አውራ ጣት ሥር ይጀምርና ትንሿ ጣት ጥፍር ላይ ያበቃል። ከሥር ወደ ጥፍር እየወጡ ነው፦ አውራ ጣት ከ1 እስከ 3፣ ሌባ ጣት ከ4 እስከ 7፣ መሐል ጣት ከ8 እስከ 11፣ የቀለበት ጣት ከ12 እስከ 15፣ ትንሿ ከ16 እስከ 19። የቤዳን ዓመት እንሞክር። የእነሱ ደንብ በዓመቱ ላይ 1 ጨምሮ በ19 መክፈል ነው፤ 726 ለ19 ሲካፈል ቀሪው 4 ነው። አራተኛው ቦታ የሌባ ጣት ሥር ነው። የመጀመሪያው ቦታ ዜሮ ይዞ ይጀምራል፣ ከዚያ 11፣ 22፣ አራተኛው ላይ 33 ሲሆን 30 ይጣልና 3 ይቀራል።

አሁን ባሕረ ሐሳብ የምታውቁ ፈገግ ብላችኋል። ይህ እኮ አበቅቴ ነው! ያው ዓመት በእኛ 717 ነው። 5500 ጨምሩበት፣ 6217። ለ19 ሲካፈል መደቡ 4፣ አንድ ሲቀነስ ወንበር 3፣ በ11 ሲባዛ 33፣ አበቅቴ 3። ጃሮ ያለው መነኩሴና የእኛ ሊቅ እዚያው ቁጥር ላይ ይቆማሉ። ተአምር አይደለም፤ ሁለቱም ስሌቱን የወረሱት ከእስክንድርያ ነው።

ስለዚህ የቤዳን እጅ ለእኛ ዓመት መጠቀም ይቻላል። 2018ን እንውሰድ። 5500 ሲጨመር 7518 ነው። ይህን ሁሉ በአንጓ መዞር ስለማይቻል በዐቢይ ቀመር፣ በ532፣ እንቀንሰዋለን፤ 14 ጊዜ ሲሄድ 70 ይቀራል። ሰባውን እጅ ላይ ዙሩ፦ ሦስት ሙሉ ዙር 57 ነው፣ 13 ይቀራል። አስራ ሦስተኛው የቀለበት ጣት ሁለተኛ አንጓ ነው። ወንበር 12፣ አበቅቴ 132 ሆኖ 30 እየተጣለ 12፣ መጥቅዕ ደግሞ 30ን የሚሞላው 18። መጥቅዕ ከ14 ስለበለጠ በዓሉ መስከረም 18 ይውላል፤ ቀኑ እሑድ ነበር። የእሑድ ተውሳክ 7 ነው፤ 18 እና 7፣ 25። ጾመ ነነዌ ጥር 25 ሰኞ ገባ። የፋሲካ ተውሳክ 9 ነው፤ 34 ይሆንና 30 ሲጣል ሚያዝያ 4። የግድግዳ ካላንደር ያለው ያመሳክር።

532 ከየት መጣ? 19 በ28 ሲባዛ ነው። 28ስ? ሁለቱንም እጆች ዘርጉና ጥፍር ሳትቆጥሩ አንጓ ብቻ ቁጠሩ፦ 14 እና 14። ቤዳ ይህንንም ጽፎታል። 28 ዓመት ማለት ቀኑና ዕለቱ እንደገና የሚገጣጠሙበት ዙር ነው፤ ሰባት ዕለት በአራት ዓመት። እዚህ ላይ ግን ጣት በጣት መውጣት ቀርቶ በአራቱ ጣቶች ላይ በአግድም ይኬዳል፣ በትንሿ ጣት ጀምሮ። ምክንያቱም አንድ ረድፍ አራት ዓመት ነው፣ በውስጡም አንድ ትርፍ ቀን ያለው ዓመት አለ። ለእኛ ሰው ማስረዳት ቀላል ነው፦ ማቴዎስ፣ ማርቆስ፣ ሉቃስ፣ ዮሐንስ። በአንድ እጅ ሦስት ረድፍ 12፣ በሁለት እጅ 24፣ የአውራ ጣቶቹ አራት አንጓዎች ሲጨመሩ 28።

ለጨረቃ ጥፍር ይቆጠራል፣ ለፀሐይ አይቆጠርም። እጅ ያው እጅ ነው፤ የሚፈለገው ዙር ነው የሚቆጠረውን የሚወስነው።

የኮምፒውተር ልጆች «ቲቸር፣ በባይነሪ እኮ በአስር ጣት 1,023 ይደርሳል» እንደምትሉኝ አውቃለሁ። ልክ ናችሁ፤ እያንዳንዱ ጣት የቀደመውን እጥፍ ይይዛል። ግን በአውራ ጣት ከጀመራችሁ 8ን ለማሳየት የቀለበት ጣትን ለብቻዋ ማንሳት አለባችሁ፣ እሷ ደግሞ እሺ አትልም። 4ን ደግሞ ሰው ፊት ባታሳዩ ይሻላል። ከሁሉ በላይ ግን 19 ላይ አይዞርም።

የአንጓውም ቆጠራ ገደብ አለው። በጁልየስ አቆጣጠር 19 ዓመት ከ235 የጨረቃ ወራት አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ይረዝማል። ትንሽ ይመስላል፣ ግን በ300 ዓመት ገደማ አንድ ቀን ይሞላል። ለዚህ ነው እጃችሁ የሚነግራችሁ ጨረቃና ደጅ ወጥታችሁ የምታዩት ጨረቃ ዛሬ በጥቂት ቀናት የሚለያዩት፤ የሰማዩ ይቀድማል።

አንድ የሚያሳስት ቦታም አለ። በየአንጓው 11 እየጨመራችሁ ስትሄዱ ትንሿ ጣት ጥፍር ላይ 18 ታገኛላችሁ። ከዚያ ወደ አውራ ጣት ሥር ስትመለሱ 11 ብትጨምሩ 29 ይሆናል፣ ዙሩም አይገጥምም። እዚያች ዝላይ ላይ ብቻ 12 ነው የሚጨመረው። ጥፍሯ ላይ የምንደርሰው በ2024 ነው፤ 7524 ለ19 ያለ ቀሪ ይካፈላል። በ2025 አውራ ጣት ሥር እንገናኝ።