ምንም እንኳ

ምንም እንኳ (ወይም ምንም እንኳን) ተቃራኒ ሐሳቦችን በአንድ ዓረፍተ ነገር የሚያስተሳስር አያያዥ ነው። ብቻውን አይቆምም፤ የሚከተለውን ግስ ከፊት «ብ»፣ ከኋላ «ም» ያስይዘዋል፦ «ምንም እንኳ ዝናብ ቢዘንብም ገበሬው አልዘራም»። «ብ» ከ«ይዘንብ» ጋር ተዋህዶ «ቢዘንብ» ሆኗል፤ በአሉታ «ባይዘንብም»፣ ለተናጋሪው ራሱ ደግሞ «ብዘራም» ይሆናል።

ትንሿ «ም» ብዙ ትሠራለች። ስትወድቅ «ዝናብ ቢዘንብ» ይቀራል፤ ይህ «ከዘነበ» የሚል ግምት ብቻ ነውና ተቃርኖው ይጠፋል። ዝናቡ በእርግጥ መዝነቡን ማስረገጥ የሚፈልግ ጸሐፊ «ምንም እንኳ ዝናብ የዘነበ ቢሆንም» ይላል።

በድርሰት ላይ አዘውትሮ የሚታየው ስህተት ሌላ አያያዥ መደረቡ ነው፦ «ምንም እንኳ ዝናብ ቢዘንብም ነገር ግን ገበሬው አልዘራም»። በንግግር ጆሮ ያልፈዋል፤ በጽሑፍ ግን ተቃርኖው ሁለት ጊዜ መነገሩ ያስታውቃል። «ነገር ግን» የሚፈልገው ከፊቱ በራሱ የተቋጨ ግስ ነው፦ «ዝናብ ዘንቧል፤ ነገር ግን ገበሬው አልዘራም»። ሁለቱ ከተገናኙ አንዱ ይሰረዝ።