ኮዱ የማይቆጥረው ሽያጭ

በደብረ ታቦር ገበያ ደላላ የሚከፈለው ሻጭና ገዢ ተስማምተው ገንዘብ ከተቆጠረ በኋላ ነው። ሽያጩ ሲፈጸም እዚያው ቆሞ ስለሚያይ ድርሻውን የሚክደው የለም። ማስታወቂያ ወደ ጋዜጣና ራዲዮ ሲዛወር ግን አሻሻጩ ከገበያው ራቀ፤ ማን ሰምቶ እንደገዛ የሚመሰክር ጠፋ።

አሜሪካ ውስጥ ዕቃ በፖስታ የሚሸጡ ነጋዴዎች ለዚህ መላ የዘየዱት ገና ከመቶ ዓመት በፊት ነው። አንዱን ማስታወቂያ በተለያዩ ጋዜጦች ሲያወጡ በአድራሻው ላይ ለየጋዜጣው የተለየ የክፍል ቁጥር ይጽፉ ነበር። ክፍሉ በእውን የለም፤ ደብዳቤው ሲደርስ ግን ቁጥሩ የትኛው ጋዜጣ ገዢውን እንዳመጣው ይናገራል። ክላውድ ሆፕኪንስ በ1923 እ.ኤ.አ. ባሳተመው «ሳይንቲፊክ አድቨርታይዚንግ» መጽሐፉ ማስታወቂያ የሚመዘነው ለአንድ ሽያጭ በወጣው ገንዘብ ነው ብሎ የተሟገተው በዚህ ልምድ ላይ ቆሞ ነው። አማዞን በ1996 እ.ኤ.አ. ገዢ ለሚያመጡለት ድረ ገጾች ኮሚሽን መክፈል ሲጀምር ያ የክፍል ቁጥር ወደ ሊንክ ገባ። የዛሬው የቲክቶከር የቅናሽ ኮድም የዚያው ዘር ነው።

እኛ ዘንድ እንዴት እንደሚሠራ በምሳሌ እንየው። ከጣራ ገዳም አካባቢ ማር ሰብስባ አዲስ አበባ ላሉ ደንበኞች በቴሌግራም የምትሸጥ ነጋዴ አለች እንበል። አንዱን ኪሎ በ800 ብር ትሸጣለች፤ ማሩ፣ ዕቃውና መጓጓዣው 560 ስለሚፈጅባት 240 ይተርፋታል። ለሁለት አስተዋዋቂዎች፣ በተለያየ ሳምንት፣ የ80 ብር ቅናሽ ያለው የየራሳቸውን ኮድ ሰጠች። ትእዛዝ የሚቀበል ቦት ስላላት ሊንካቸውንም ለየቻቸው፦

```
https://t.me/BotName?start=mar1
https://t.me/BotName?start=mar2
```

ሊንኩ ተጭኖ ቦቱ ሲጀመር ከእኩል ምልክቱ በኋላ ያለው ቃል አብሮ ይደርሳታል።

ታዋቂው 18,000 ብር ተቀብሎ በኮዱ 75 ኪሎ ተሸጠ፤ እያንዳንዱ ገዢ አንድ ኪሎ ነው የወሰደው። ክፍያውና ቅናሹ ሲደመሩ 24,000 ብር፣ ለአንድ ሽያጭ 320 ይሆናል። ከ240 ትርፍ ላይ 320 ማውጣት ኪሳራ ነው። ብዙ ተከታይ የሌላት ሁለተኛዋ በ3,000 ብር 30 ኪሎ አሸጠች፤ ከቅናሹ ጋር 5,400፣ ለአንዱ 180። ብዙ ነጋዴ እዚህ ላይ ደብተሩን ዘግቶ ታዋቂውን ያሰናብታል።

መቸኮል ነው። ከሁለተኛዋ 30 ገዢዎች ስልካቸው ከቀድሞው መዝገብ ጋር ሲመሳከር 12ቱ የድሮ ደንበኞች ሆነው ተገኙ። ያለ ቅናሽም ይገዙ የነበሩ ሰዎች ኮዱን አይተው ተጠቀሙበት፤ ኮድ በቴሌግራም ግሩፕ ሲዞር ደግሞ ይሄ ይብሳል። ወጪው ለ18ቱ አዲሶች ብቻ ሲካፈል ለአንዱ 300 ይደርሳል።

ታዋቂው ዘንድ የሆነው የዚህ ተቃራኒ ነው። ቪዲዮውን ያየ ሰው ሁሉ ሊንክ አይጫንም፤ ኮዱን ረስቶ በቀጥታ የሚደውል ሞልቷል። ነጋዴዋ በተራ ሳምንት ያለ ኮድ 10 ኪሎ ትሸጥ ነበር፤ በእሱ ሳምንት ያለ ኮድ 40 ሸጠች፣ 30ዎቹ ተጨማሪ ገዢዎችም አዲስ ናቸው። በዓልም ሆነ ሌላ ማስታወቂያ ካልነበረ ጭማሪውን ለእሱ መቁጠር ያስኬዳል። በኮዱ ከገዙት አምስቱን የድሮ ደንበኞች ቀንሰን እነዚህን 30 ስንጨምር 100 አዲስ ገዢ እናገኛለን፤ ለአንዱ የወጣው 240፣ ልክ ትርፏን ያህል። አልከሰረችም፣ አላተረፈችም። ሁለተኛዋ ግን በአንድ ገዢ 60 ብር አስከስራታለች።

ሁለቱን በተለያየ ሳምንት ማስተዋወቋ ነው ይህን ያሳየን። በአንድ ቀን ቢለቁት ኖሮ ያለ ኮድ የመጣው ገዢ የማን እንደሆነ መለየት አይቻልም ነበር። ገዢው በአብዛኛው የሚደውል ከሆነ ከኮድም ከሊንክም ይልቅ ለየአስተዋዋቂው የተለየ ስልክ ቁጥር መስጠት ይሻላል፤ ሁለት ሲም የሚይዝ ስልክ ይበቃል። ያ የድሮው የክፍል ቁጥር በሌላ መልኩ መመለሱ ነው። ቪዲዮው ግን ከወራት በኋላም ስለሚታይ ሲሙን ቶሎ ለሌላ ሰው ማዞር ሒሳቡን ያደባልቃል።

የሚቀረው ተመላሽ ገዢ ነው። ከሁለተኛዋ 18 አዲሶች አምስቱ በሁለት ወር ውስጥ ያለ ቅናሽ አንድ አንድ ኪሎ ቢደግሙ 1,200 ብር ይገባል፤ የ1,080 ብሩ ኪሳራ ተሸፍኖ 120 ይተርፋል። ስለዚህ የገዢው ስልክ ከመጣበት ኮድ ጎን መጻፍ አለበት። ከታዋቂው ጋር የሚደረገውን ቀጣይ ስምምነትም የተመላሾቹ ቁጥር ሳይታወቅ መቁረጥ አይገባም፤ ሲቆረጥም ግማሹን አስቀድሞ፣ ግማሹን እንደ ደላላው በተሸጠው ልክ መክፈል ለእሷ ይቀላል። እሱ ግን ያለ ኮድ የመጡት 30 ሰዎች እንዲታሰቡለት መጠየቁ አይቀርም፤ ያንን ጥያቄ በደብተሯ መመለስ የምትችለው የተራ ሳምንቷን ሽያጭ መዝግባ ከነበረ ነው።