ለኅትመት የደረሰ ሞዴል

በስሪዲ ኅትመት፣ ለኅትመት የደረሰ ሞዴል ሌላ ሰው አውርዶ ሳይጠግን ሊያትመው የሚችል የጋራ ፋይል ማለት ነው። እንደ ቲንጊቨርስና ፕሪንተብልስ ባሉ ማከማቻዎች የሚገኘው ሁሉ እንዲህ አይደለም፤ አንዳንዱ ከኮምፒውተር ስክሪን ወጥቶ አያውቅም።

ለመለየት ከፋይሉ ጋር የቀረበው ፎቶ ቀድሞ ይመረመራል። ፕላስቲክ ቀልጦ በሚታተም ዕቃ ላይ የንብርብር መስመሮች ይታያሉ፤ እንከን የለሽ ልሙጥ ገጽታ ብዙውን ጊዜ በኮምፒውተር የተሠራ ምስል ነው። ከባለቤቱ ፎቶ ይልቅ ሌሎች አትመው ያነሡት ይታመናል።

ክዳኑ ከነማጠፊያው አንድ ላይ የሚታተም ሣጥን እንውሰድ። ተዘግቶ ብቻ ፎቶ ከተነሣ ማጠፊያው መሥራቱ አይታወቅም። «ቆንጆ ነው» የሚል አስተያየት ምንም አይነግርም። «ማጠፊያው ተጣብቆ ስከፍተው ተሰበረ» የሚለው አንዴ ብቻ ከተጻፈ ጥፋቱ የማተሚያው ሊሆን ይችላል፤ የተለያየ ማተሚያ ያላቸው ሰዎች ሲደጋግሙት ግን በማጠፊያው ክፍሎች መካከል ያለው ክፍተት መጥበቡን ያሳያል። ከዋናው ፋይል ተነሥተው የተሠሩ ማሻሻያዎችም ይመሰክራሉ፦ ክዳኑ ላይ ስም የሚጨምሩት ምንም አያሳስቡም፤ ክፍተቱን ለምሳሌ ከ0.2 ወደ 0.4 ሚሊ ሜትር የሚያሰፉት ከበዙ ግን ጉድለቱ የዋናው ፋይል ነው። ያኔ የተሻሻለውን ማውረድ ይሻላል፤ እሱም ክዳኑ ተከፍቶ የተነሣ ፎቶ ካለው ብቻ።