አያቴን ከጣሊያን ጎን ያሰለፍኩበት ቀን

ወዳጆቼ፣ ባለፈው ዓመት ቢቸና ሄጄ አክስቴን ያስቀየምኩበትን ነገር ልንገራችሁ። በዚያው አጋጣሚ ስለ ጥንት ሠዓሊዎቻችን የተማርኩትም አለ።

አያቴ አርበኛ ነበሩ። የቀረን ፎቶ አንድ ብቻ ነው፤ እሱም ከጎን የተነሣ፣ ጠመንጃቸውን ይዘው ወደ ግራ ሲያዩ። ለአክስቴ ስጦታ ብዬ፣ በባህላዊ ሥዕል ስልት በተሠራ የጦርነት ሥዕል ላይ ካሉት ፈረሰኞች በአንዱ ፊት ቦታ የአያቴን ፊት እንዲያስገባልኝ አንድ ኮምፒውተር የሚሠራ ልጅ ለመንኩ። ፈረሰኛው ግን ፊቱን ወደኛ መለስ ያደረገ ነው፤ ፎቶው ደግሞ ያለው አንድ ዓይን ብቻ። ሁለተኛው ዓይን እየፈሰሰ አስቸገረው። በመጨረሻ የፈረሰኛውን ጭንቅላት ወደ ጎን አዞረና ፎቶውን ገጠመበት። እኔም ወደድኩት።

አክስቴ ሥዕሉን ዝም ብላ አየችው። ከዚያ፣ «አንተ ልጅ፣ አባቴን ምነው ከጣሊያን ጋር አሰለፍከው?» አለችኝ።

ልክ ነበረች። በቤተ ክርስቲያን ሥዕላችን ጻድቅ የሆነ ሰው ሁለት ዓይኑ ይታያል፤ ፊት ለፊት ወይም በመጠኑ ዘወር ብሎ ይሣላል። ከጎን በአንድ ዓይን የሚሣለው ይሁዳ፣ ሰይጣን፣ የሰማዕታት ገዳይ ነው። የ1888ቱን የዓድዋ ጦርነት የሚያሳዩ ሥዕሎችም ይህንኑ ይዘዋል፤ የኛ ሰው ሁለት ዓይን፣ የጣሊያን ወታደር አንድ ዓይን። ከቢቸና አካባቢ ወጥተው አዲስ አበባ የገቡት፣ ስለ ሥራቸው በ2005 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ መጽሐፍ የታተመላቸው ቄስ አዳሙ ተስፋውም ከዚሁ ባህል የተገኙ ሠዓሊ ናቸው። አክስቴ ይህን ያወቀችው ከመጽሐፍ አይደለም፤ ዕድሜዋን ሙሉ ስትሳለም የቤተ መቅደስ ግድግዳ እያየች ነው።

ታዲያ የጥንቶቹ የአንድን እውነተኛ ሰው ፊት ሥዕል ውስጥ እንዴት ነበር የሚያስገቡት? ጥሩ ምሳሌ የምትሆነን እቴጌ ምንትዋብ ናት። በጣና፣ በደቅ ደሴት በ18ኛው ክፍለ ዘመን ባሠራችው በናርጋ ሥላሴ ተሥላለች። ከእመቤታችን እግር ሥር ተደፍታለች፤ ማንነቷን ልብሷና ጽሑፉ ይነግሩናል። ልብ በሉ፤ ንግሥት ሆና ሳለ ፊቷ የእመቤታችንን ፊት አልተካም። ሰው ወደ ሥዕሉ ይገባል፣ ግን በራሱ ቦታ ነው። ዓይኗም የዚያ ዘመን ሠዓሊ ለሁሉም የሚሥለው ትልቅ ዓይን ነው። መልክን አንድ በአንድ መገልበጥ ዓላማቸው አልነበረም።

እኔም ይህን ይዤ እንደገና ጀመርኩ፤ አሁን በእጅ። መጀመሪያ ከፎቶው የአያቴ ብቻ የሆነውን ለየሁ፦ ከፍ ያለ ግንባር፣ ረዘም ያለ አፍንጫ፣ አገጭ ላይ ሾል ያለ ጢም። የቀረውን ሁሉ ተውኩት። ቀጥሎ እዚያው ሥዕል ላይ ካለ ሌላ አርበኛ የፊቱን አቀማመጥ ወሰድኩ፤ ዘወር ያለ ፊት፣ ሁለት ትልልቅ ዓይኖች፣ ወፈር ያለ የላይ ሽፋሽፍት መስመር። በዚያ ላይ ግንባሩን፣ አፍንጫውንና ጢሙን አኖርኩ።

ያስቸገረኝ ጥላው ነው። ፎቶው ላይ ፀሐይ ከአንድ ወገን ስለመታቸው ግማሽ ጉንጫቸው ጠቁሯል። ሥዕሉ ላይ ግን ፀሐይ የሚባል ነገር የለም፤ ሁሉም ፊት አንድ ዓይነት ቡናማ ነው፣ ከአፍንጫው ጎንና ከዓይን ሥር ብቻ ጠቆር ይላል። ስለዚህ የፎቶውን ጥላ ሙሉ በሙሉ ጣልኩት፤ ቀለሙንም ከጎረቤቱ ፊት ወሰድኩ። የዙሪያውን ጥቁር መስመር ውፍረትም ከጎረቤቱ ጋር እኩል አደረግሁ። የመጀመሪያው ሥራ «የተለጠፈ» የመሰለው በዚህ ነበር፤ ፊቱ መስመር አልነበረውም፣ ሌሎቹ ሁሉ ግን ነበራቸው።

መፈተኛው ቀላል ነው። ሥዕሉን ግድግዳ ላይ አድርጋችሁ ራቅ ብላችሁ እዩት። ዓይናችሁ በመጀመሪያ እዚያ ፊት ላይ ካረፈ፣ ገና አልገባም ማለት ነው።

አንድ ነገር ግን ቀርቷል። መልካቸውን እንዲህ ወደ ሥዕሉ ሕግ ስናመጣው፣ የማያውቃቸው ሰው አይለያቸውም። ለዚህም የጥንቶቹ መልስ አላቸው፤ ስም ይጽፋሉ። ከራሳቸው በላይ ስማቸውን በቀይ ጻፍኩ።

አክስቴ ሁለተኛውን ስታይ ጣቷን ጢሙ ላይ አሳረፈች። «እህ፣ አሁን መጡ» አለች። አሁን ከምድጃው በላይ ተሰቅሏል። የመጀመሪያውን የት እንዳደረገችው አልነገረችኝም፤ እኔም አልጠየቅሁም።

እናንተም ቤት የጎን ፎቶ ብቻ የቀረው አባት ወይ እናት ካለ፣ ለልጆቹ ከመስጠታችሁ በፊት አንድ ትልቅ ሰው ጠይቁ።