ካሳ የሚለው ስም ምን ያስረዳል?

የሰቆጣው ገዥ ዋግሹም ጎበዜ ዐፄ ተክለ ጊዮርጊስ ተብለው ነገሡ፤ በ1863 ዓ.ም. ግን ዓድዋ አጠገብ በካሳ ምርጫ ድል ሆኑ። ካሳም ዐፄ ዮሐንስ ተባሉ። ከሁለቱ በፊት የነገሡት ዐፄ ቴዎድሮስም የቀድሞ ስማቸው ካሳ ነበር።

ካሳ፣ እንደ ምትኩና እንደ ማስረሻ ሁሉ፣ ብዙ ጊዜ ሞት በገባበት ቤት ለሚወለድ ልጅ የሚወጣ ስም ነው። በጋና ያሉት አካኖች ዓርብ የተወለደውን ወንድ ኮፊ ሲሉት የሚነግሩን ቀኑን ነው፤ ካሳ ግን የቤቱን ኀዘን ይጠቁማል። ጎበዜ ደግሞ የወላጅ ምኞት ይመስለኛል።

ሆኖም ካሳ የተባለ ሁሉ የሟች ምትክ አይደለም፤ በአያቱ ስም የተጠራም ይኖራል። ስለዚህ ተመራማሪው አስቀድሞ የሞተ ወንድም ወይም እኅት መኖሩን ከትውልድ ቈጠራው ይፈልግ፤ ካላገኘ ስሙን ብቻ ይዞ ሞትን አይጻፍ።