አስራት ያን ጊዜና ዛሬ፦ የጎተራው ነገር

በእሁድ ጉባኤ አስራት ሲነሳ መጀመሪያ የሚከፈተው ምዕራፍ ሚልክያስ 3 ነው። አስራቱን ሁሉ ወደ ጎተራ አግቡ የሚለውን ሁላችንም በቃላችን እናውቀዋለን። ግን ያ ጎተራ የት ነበር? ውስጡ የነበረውስ ምንድን ነው? ማንስ ይበላው ነበር?

ነህምያ 13ን ክፈት፣ ክፈቺ። ነገሩ በኢየሩሳሌም ነው፤ ብዙ የመጽሐፍ ቅዱስ አጥኚዎች ሚልክያስም በዚያው ዘመን አካባቢ እንዳገለገለ ይናገራሉ። ነህምያ እ.ኤ.አ. ከክርስቶስ ልደት በፊት በ433 ገደማ ወደ ፋርስ ንጉሥ ሄዶ ነበር። ሲመለስ የመቅደሱን ትልቁን ክፍል ካህኑ ኤልያሴብ ለዘመዱ ለጦብያ ሰጥቶት አገኘ። ያ ክፍል እኮ የእህሉ፣ የወይን ጠጁና የዘይቱ አስራት የሚቀመጥበት ነበር! የሌዋውያኑ ድርሻም ስላልተሰጣቸው ዘማሪዎቹ ሳይቀሩ አገልግሎቱን ትተው ወደየእርሻቸው ሄደው ነበር። ጎተራ ማለት ይኸው ነው፤ የእህል ክፍል። አስራት ሲቀር የሚጎዳውም በስም የሚታወቅ ሰው ነበር።

አሁን ሕጉን እንመልከት። ዘኍልቍ 18 አስራቱ ለሌዊ ነገድ ይሁን ይላል፤ ምክንያቱም ሌዋዊ እንደ ሌሎቹ ነገዶች የርስት መሬት የለውም። ዘዳግም 14 ደግሞ ሌላ ነገር ይጨምራል፦ ገበሬው ከነቤተሰቡ እግዚአብሔር በመረጠው ስፍራ የሚበላው አስራት አለ፤ በየሦስተኛው ዓመት ደግሞ በከተማው ደጅ የሚቀመጥ አስራት አለ። የአይሁድ ሊቃውንት እነዚህን አገናኝተው አሰሉት።

እስቲ በምሳሌ እንየው። አንድ ገበሬ በኩራቱን ለካህን ከሰጠ በኋላ 100 ኩንታል ስንዴ ቀረው እንበል። 10 ኩንታል ለሌዋዊው ይሰጣል። ሌዋዊውም በተራው ከዚያ 1 ኩንታል ለካህኑ ያወጣል፤ አገልጋይም አስራት ያወጣ ነበር ማለት ነው። ገበሬው ከቀረው 90 ላይ ደግሞ 9 ኩንታል ይለያል። በ1ኛው፣ በ2ኛው፣ በ4ኛውና በ5ኛው ዓመት ይህን 9 ይዞ ወደ ኢየሩሳሌም ይወጣል። መንገዱ ከራቀበት ሸጦ ገንዘቡን ይወስድና እዚያ ልቡ የወደደውን ገዝቶ ከቤተሰቡ ጋር በእግዚአብሔር ፊት እየተደሰተ ይበላል። በ3ኛውና በ6ኛው ዓመት ግን ያ 9 ኩንታል የሚሰጠው እዚያው አገሩ ላለ ሌዋዊ፣ መጻተኛ፣ ወላጅ አልባና መበለት ነው። በ7ኛው ዓመት ምድሪቱ ታርፋለች፤ ምርት የለም፣ አስራትም የለም።

ስሌቱን ልብ በሉ። በ6 ዓመት ውስጥ ከገበሬው እጅ ወደ ሌላ ሰው የሄደው 60 ኩንታል ለሌዋውያን፣ 18 ኩንታል ደግሞ ለችግረኞች ነው፤ ለችግረኛው የደረሰው ከአራት አንድ እጅ ሊሞላ ትንሽ የቀረው። ደግሞም ሕጉ በስም የጠራው እህልን፣ የዛፍ ፍሬንና ከብትን ነው። ከብቱም ከበትር በታች ሲያልፍ አሥረኛው ይለያል፤ ዘጠኝ ብቻ ያለው ሰው አሥረኛ የለውም። የቀን ሠራተኛው ደመወዝ አልተጠቀሰም። መበለቲቱማ ተቀባይ ናት!

«አብርሃም ከሕግ በፊት ሰጥቷል» ትሉኛላችሁ። እውነት ነው፤ ዘፍጥረት 14 ላይ ከጦርነት ምርኮ ለመልከ ጼዴቅ ሰጠ። የተጻፈልን ግን አንድ ጊዜ ነው፣ ስለ ዓመት ገቢውም አይናገርም።

በኋላ ዘመን አስራት መልኩን ለወጠ። እ.ኤ.አ. በ585 በፈረንሳይ ምድር በማኮን የተሰበሰቡ ጳጳሳት የማይከፍለውን ከኅብረት እስከ መለየት ደረሱ፤ በ779 ሻርለማኝ በመንግሥት ሕግ አስገደደበት። በእኛም አገር አስራት የመንግሥት ግብር ስም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1892 አፄ ምኒልክ ወታደሩን ለመቀለብ በእህል ላይ ጣሉት፤ የቀረውም በ1967 የእርሻ ገቢ ግብር ሲታወጅ ነው። አያቶቻችን ቃሉን ሲሰሙ ትዝ የሚላቸው አውድማ ላይ የቆመ ገማች ቢሆን አይገርምም።

ዛሬ አስራት ከደመወዝ አንድ አሥረኛ ሆኖ በፖስታ ወይም በባንክ ይገባል። የሚነሳው ጥያቄ «ከግብር በፊት ነው ወይስ በኋላ?» የሚል ነው። አገልጋይን መደገፍ ተገቢ ነው፤ ጳውሎስም በ1ኛ ቆሮንቶስ 9 ይህን ከመቅደሱ አገልጋዮች ጋር ያያይዘዋል። እኔን የሚከነክነኝ ግን ሌላ ነው፦ የሌዋዊውን 10 ኩንታል በየሳምንቱ እየሰበክን የሦስተኛውን ዓመት 9 ኩንታል መርሳታችን። ቤት ኪራይ ያቃታት፣ ልጆቿን ብቻዋን የምታሳድግ እህት ተበድራ አስራት ስታስገባ «ተባረኪ» ብለን የምንቀበል ከሆነ፣ በሕጉ ተቀባይ የነበረችውን ከፋይ አድርገናታል።

ነህምያ ምን አደረገ? የጦብያን ዕቃ ወደ ውጭ ጣለ፣ ክፍሉን አስነጻ፣ ከዚያም ካህኑን ሰሌምያን፣ ጸሐፊውን ሳዶቅንና ሌዋዊውን ፈዳያን በጎተራው ላይ ሾመ፤ ሐናንንም አጠገባቸው አቆመ። የተመረጡት ታማኞች ተብለው ስለተቆጠሩ ነው፤ ሥራቸውም ማከፋፈል ነበር። በዓመታዊው ጉባኤ የገንዘብ ሪፖርት ሲነበብ አንተም እጅህን አውጣ፣ አንቺም እጅሽን አውጪና ጠይቁ፦ ከገባው 100 ብር ውስጥ በደጃችን ላለው ችግረኛ የደረሰው ስንት ነው?